የሌለህን ዶላር አትሽጥ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በአንድ ጀምበር ከ57 ብር ግድም ወደ 74 ብር ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከላኪዎች ጋር ስለ ፎርዋርድ ውል ባወራሁ ቁጥር የምሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «ያኔ ዶላሬን አስቀድሜ በ60 ብር ሸጬ ቢሆን ኖሮ አልቆልኝ ነበር።» ይህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሰውን ወደ ባሰ አደጋ ሊገፋ ይችላል።

ፎርዋርድ ውል ቀላል ነገር ነው። ላኪው ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ የሚገባለትን ዶላር ዛሬ በሚስማሙበት ዋጋ ለባንኩ ይሸጣል። ዕለቱ ሲደርስ ዶላሩን ያስረክባል፣ የተስማሙበትን ብር ይቀበላል። እስከዚያ ድረስ ገበያው የትም ቢሄድ ዋጋው አይነካም።

ዋጋው የባንኩ ግምት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ በነጻ ገበያ የሚወስነው የሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ነው። የዛሬው ምንዛሪ 120 ብር ነው እንበል፤ የብር የዓመት ወለድ 15 በመቶ፣ የዶላር ደግሞ 5 በመቶ ይሁን። ባንኩ ዛሬ ዶላር ተበድሮ ይሸጥና ብሩን በወለድ ያስቀምጣል፤ በዓመቱ የላኪውን ዶላር ሲረከብ ብድሩን ይመልሳል። ይህን ሂሳብ የሚያመዛዝነው ዋጋ 131 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ላኪው ራሱን መጠየቅ ያለበት «ዶላር ይጨምራል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ከ131 በላይ ይሄዳል ወይ? ባይሄድስ እችለዋለሁ ወይ?» ብሎ ነው።

የምንዛሪ ለውጥ በዚህ ውል ላይ የሚያደርሰውን ለማየት ከደቡብ ኮሪያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ የኮሪያ ዎን ለዓመታት ሲጠነክር ቆይቶ አንድ ዶላር 900 ዎን አካባቢ ደርሶ ነበር። የላኪዎቹ ሥጋት ከእኛ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ዶላሩ ይበልጥ ይወርድብናል ብለው ፈሩ። የሆነው ግን ሌላ ነው። በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ ሲወድቅ ዎን አብሮ ተንኮታኮተ፤ በኅዳር አንድ ዶላር 1,500 ዎን አካባቢ ደረሰ።

በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ላኪን በምሳሌ እናስብ። ከስድስት ወር በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር ይገባለታል፤ ዕቃውን ለማምረት ያወጣው 850 ሚሊዮን ዎን ነው። ዶላሩን በፎርዋርድ በ940 ዎን ሸጠ፤ ትርፉ 90 ሚሊዮን ዎን ሆኖ ተቆረጠ። ዶላር ወደ 840 ቢወርድ፣ ያልተዋዋለው ጎረቤቱ 10 ሚሊዮን ይከስራል፤ እሱ ግን 90 ሚሊዮኑን ይይዛል። ዶላር ወደ 1,400 ቢወጣ ጎረቤቱ 550 ሚሊዮን ያተርፋል፤ እሱ ያው 90 ሚሊዮን ነው። በመካከላቸው የ460 ሚሊዮን ልዩነት አለ፤ ማንንም ያንገበግባል። ሆኖም ይህ ያልተገኘ ትርፍ እንጂ ከኪሱ የወጣ ገንዘብ አይደለም። የሠራተኛው ደመወዝ ተከፍሏል፣ የባንክ ዕዳው ተዘግቷል፣ ድርጅቱ ቆሟል። «አልቆልኝ ነበር» የሚሉት የአገሬ ላኪዎች የዘነጉት ይህንን ነው።

ያንኑ ሽያጭ በፊውቸርስ ቢያደርገው መጨረሻው ተመሳሳይ ይሆን ነበር፤ መንገዱ ግን ይለያል። ፊውቸርስ የሚሸጠው በተደራጀ የግብይት ገበያ ነው፤ የውሉ መጠንና ቀን የተወሰነ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሂሳቡ በየቀኑ ይወራረዳል። ዶላር ከ940 ወደ 1,400 በወጣ ቁጥር ላኪው ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ ማስገባት አለበት፤ በድምሩ 460 ሚሊዮን ዎን። ደንበኛው ሲከፍለው ዶላሩን በ1,400 ስለሚሸጥ በመጨረሻ ሂሳቡ ተቻችሎ 940 ላይ ያርፋል። ችግሩ ገንዘቡ የሚወጣው ዛሬ፣ የሚገባው ከወራት በኋላ መሆኑ ነው። በመሀል የሚያበድረው ካጣ ውሉ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ ዶላሩ ተመልሶ ቢወርድ በፊውቸርሱም ይከስራል፣ በዕቃው ሽያጭም ይጎዳል። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ለሚያጥረው ላኪ ከፊውቸርስ ይልቅ ፎርዋርድ ይሻለዋል እላለሁ።

ኮሪያውያኑን የጎዳቸው ግን ከሁለቱም ውጭ የሆነ ነገር ነበር። ባንኮች «ኪኮ» የተባለ ውል ይዘው መጡ። ከፎርዋርዱ የተሻለ ዋጋ ይሰጣል፤ በምሳሌያችን 960 ዎን እንበል። በምላሹ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩት። ዶላር ከተወሰነ ወለል በታች ከወረደ ውሉ ይፈርሳል፤ ማለትም ጥበቃው በሚፈለግበት ሰዓት ይጠፋል። ዶላር ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ ደግሞ ላኪው እጥፍ ዶላር በዚያው ዋጋ የማስረከብ ግዴታ ውስጥ ይገባል።

ዶላር 1,400 ሲገባ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ኪኮ የፈረመ ሌላ ላኪ 2 ሚሊዮን ዶላር ማስረከብ አለበት፤ ያለው ግን 1 ሚሊዮን ነው። የጎደለውን ከገበያ በ1.4 ቢሊዮን ዎን ይገዛል። ከባንኩ የሚቀበለው 1.92 ቢሊዮን ነው። በእጁ የሚቀረው 520 ሚሊዮን፣ ወጪው ግን 850 ሚሊዮን፤ 330 ሚሊዮን ዎን ኪሳራ። ይህ እንግዲህ ያልተገኘ ትርፍ አይደለም፤ ከኪስ የወጣ ገንዘብ ነው። ታሳን ኤልሲዲ የተባለው ትርፋማ ኩባንያ በዚሁ ውል ምክንያት በመስከረም 2008 የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። ላኪዎች ባንኮቹን ከሰሱ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2013 ውሉ በራሱ ኢፍትሐዊ አይደለም ሲል ወሰነ።

ሁለቱን ላኪዎች የለያያቸው አንድ ነገር ነው። አንዱ የሚገባለትን ዶላር ሸጠ፤ ሌላው የማይገባለትንም ጨምሮ ሸጠ። የሁለተኛው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

እኛም በተራ ፎርዋርድ ብቻ ከዚህ ወጥመድ ልንገባ እንችላለን። ገዢው ውሉን ቢሰርዝ ወይም ጭነቱ ጂቡቲ ላይ ቢዘገይ ለባንኩ የገባነው ቃል አይሰረዝም፤ ዶላሩን በዕለቱ ዋጋ ገዝቶ ማስረከብ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መሸጥ ያለበት ሌተር ኦፍ ክሬዲት የተከፈተለት ወይም ክፍያው በሌላ መንገድ የተረጋገጠ ጭነት ብቻ ነው። ለቡና ላኪ ደግሞ ጊዜውም ወሳኝ ነው። ቡናውን ገና ካልገዛ የአገር ውስጡ ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ሊወጣበት ይችላል፤ ምንዛሪውን ቀድሞ ቆርጦ ቡናውን በተወደደ ብር ቢገዛ ትርፉ ይበላል። ወጪው በብር የሚታወቀው ቡናው መጋዘን ሲገባ ነው፤ ፎርዋርዱም መፈረም ያለበት ያኔ ነው።

ብሔራዊ ባንክም ለዚህ ገበያ ደንብ ሲያወጣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ባንክ ለላኪ የሚፈርመው ውል ከተመዘገበ የሽያጭ ውል መጠን ፈጽሞ እንዳይበልጥ። ላኪውም በበኩሉ ከፎርዋርዱ ዋጋ የተሻለ ዋጋ ይዞ የሚመጣ ባንክ ሲያጋጥመው፣ ያቺ ተጨማሪ ብር በምን ግዴታ እንደተገዛች ሳይጠይቅ እስክሪብቶ አያንሳ።