ዕድሩ መኝታ ይሰጣል፤ ላይሰንስ ግን አይሰጥም

"ዲግሪዋን ይዛ ሄዳ አሮጊት ታጥባለች።"

ይህችን ወሬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ ሰምቻታለሁ። ወሬዋን ተከትለው የሚመጡት ማብራሪያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ "የእኛ ዲግሪ እዚያ ወረቀት ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ሰው አገር ሰው የላትም፣ ምን ታድርግ?" ይላል።

ሁለቱም ስህተት ናቸው። የምጽፈውም በሩቁ አይቼ አይደለም፤ የአንዷን ወረቀት ተሸክሜ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ አብራኝ የተማረች የቀወት ልጅ ናት። በነርስነት ዲግሪ ተመርቃ ጥቂት ዓመት ከሠራች በኋላ በ2007 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷት ቨርጂኒያ ገባች። ሰው ነበራት? ሞልቷል! ከኤርፖርት የተቀበላት የአክስቷ ጎረቤት ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን መኝታ፣ በሁለተኛው ሳምንት የጽዳት ሥራ አገኘች። በወሩ ዕድር ገባች፣ ቀጥሎ ዕቁብ። ከዚያ አንዲት እህት "ሲኤንኤ ውሰጂ፣ ቶሎ ያልቃል" አለቻት፤ ወሰደችና የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ሆነች።

ሲኤንኤ ማለት በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ትንሹ ሥልጠና 75 ሰዓት የሆነ የነርስ ረዳትነት ነው። አራት ዓመት ነርሲንግ የተማረች ሴት የረዳትነት ሥልጠና ወስዳ፣ የተመዘገበ ነርስ ከሚያገኘው ከግማሽ ባነሰ ክፍያ፣ አምስት ዓመት ያህል ሠራች።

በእነዚህ ዓመታት ዕድሩ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንድም "አንቺኮ ነርስ ነሽ፣ ለምን ፈተናውን አትፈተኚም?" ያላት የለም። ይህን ያለቻት አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነርስ ናት። ያውም በዕረፍት ሰዓት፣ ምሳ እያሞቁ። "የት ተማርሽ?" አለቻት። ስትነግራት ደነገጠች፤ እሷም በዚያው መንገድ የመጣች ናትና። የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የፈተናውን ስም፣ የቅጹን ቅደም ተከተል በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጻፈችላት።

ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቦስተን አጠገብ ኒውተን በተባለች ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በየሳምንቱ የምታገኘው ሰው የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው። አዲስ ነገር የሚመጣው ከሌላ ክበብ ነው።

እኛ ግን "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" እንላለን። ዘመድ የጽዳት ሥራ የሚያውቅ ከሆነ የጽዳት ሥራ ያስገባሃል። ክፋት የለበትም፤ የሚያውቀውን ሰጠህ። ችግሩ መጤው ዘመዱ የማያውቀው ነገር የሌለ መምሰሉ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ። "ዲግሪያችን አይሠራም" የሚለው ወሬ የሚፈርሰው እዚህ ነው።

በውጭ አገር የተማረ ነርስ በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃው ይገመገማል። ገምጋሚው ተቋም ከአመልካቿ እጅ ትራንስክሪፕት አይቀበልም፤ የተማረችበት ቦታ አሽጎ፣ ማኅተም አትሞ፣ በቀጥታ መላክ አለበት። በአገር ቤት ፈቃድ የሰጣት አካልም እንዲሁ ምዝገባዋን ያረጋግጣል። ቀጥሎ እንደየስቴቱ የእንግሊዝኛ ፈተና ሊኖር ይችላል። በመጨረሻ ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና አለ፦ ክፍያው 200 ዶላር፣ በኮምፒውተር፣ እስከ አምስት ሰዓት። የወደቀ ከ45 ቀን በኋላ መድገም ይችላል። በቃ። ሚስጥር የለውም።

እኔ ውክልና ተልኮልኝ የሮጥኩት ለመጀመሪያው ነው። ቅጹ በአዋቂ ሕሙማን፣ በሕፃናት፣ በእናቶችና በአእምሮ ሕክምና ስንት ሰዓት ንድፈ ሐሳብ፣ ስንት ሰዓት ተግባር እንደተማረች ይጠይቃል። ሬጅስትራሩ የሚያውቀው ክሬዲት ሰዓት ብቻ ነው። "እንዲህ ዓይነት ነገር አንሞላም" ተባልኩ። ሁለተኛ ሄድኩ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ወጥቶ መመለስ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ቀን ይበላል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ጉዳዩ ለወራት ተረሳ፤ ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ ትራንስክሪፕት ማን ያስባል?

በሦስተኛው ጉዞ የተሳካው በሬጅስትራሩ ደግነት አይደለም። የድሮ የክፍል ጓደኛችን የሚያውቀው አንድ መምህር ከዚያ በፊት ለሌላ ተመራቂ ይህንኑ ቅጽ ሞልቶ ኖሯል። የድሮውን የኮርስ ዝርዝር አውጥቶ ሰዓቱን በግማሽ ቀን ደመረው። እዚህም መፍትሔው ከሩቅ ትውውቅ መጣ። እንግዲህ እሷ ቨርጂኒያ ሆና የሚያስፈልጋት ሰው ግማሹ እዚህ አገር ቤት ነበር!

በሰኔ 2015 ተፈተነች፤ አለፈች። ከሄደች ስምንት ዓመቷ ነበር።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሩ ውስጥ ከእሷ በፊት በዚሁ መንገድ ነርስ የሆነች አባል እንዳለች ታወቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረው ንፍሮ በልተዋል፣ ለቅሶ ተቀምጠዋል። በስልክ አግኝቼ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። "እኔ በሦስተኛው ነው ያለፍኩት፤ ያንን ለማን አወራለሁ? ደሞስ ገፋፍቻት ብትወድቅ እኔን አይደል የምትወቅሰኝ?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ግን ይህ ዝምታ የአንዲትን ነርስ ዓመታት በልቷል።

"ዕድርን አትንካ" የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዕድር አስከሬን ወደ አገር ይልካል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ በጦርነቱ ጊዜ ለተፈናቀለው ወገናችን ያዋጣው ማን ሆነና? ይህን አልክድም። ሁሉም ሙያ እንደ ነርስነት ቅርብ አለመሆኑንም አልክድም፤ ሐኪም ፈተናዎቹን ሁሉ ቢያልፍም የሬዚደንሲ ቦታ ካላገኘ ሊቀር ይችላል። ታዲያ መንገዱ ይህን ያህል የሚለያይ ከሆነ፣ መጤው በመጀመሪያው ወር ሊሰማው አይገባም?

ስለዚህ ለዕድር ሹሞች የምለው አንድ ነገር ነው። የለቅሶ መዋጮ ከምትመዘግቡበት መዝገብ ኋላ አንድ ገጽ ጨምሩ፦ ማን ምን ተምሮ መጣ፣ ማን በየትኛው ስቴት ምን ላይሰንስ አወጣ፣ በስንተኛው ፈተና። አዲስ ሰው ሲመጣ "የት እናስገባሽ?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ተምረሽ መጣሽ?" በሉ። ላይሰንስ ያላችሁም ስንት ጊዜ እንደወደቃችሁ ጭምር ተናገሩ፤ መንገዱን የሚያሳየው እሱ ነው።

ለምትሄዱት ደግሞ፦ ቪዛው እንደተመታ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ስቴት ቅጽ አውርዳችሁ ትምህርት ክፍላችሁ ድረስ ሂዱ። የኮርስ ዝርዝሩን ቅጂ ያዙ። የሚሞላውን መምህር በስሙ እወቁት፣ ስልኩን ተቀበሉት። ውክልናውን ለዘመድ ሳይሆን ለሚመላለስ ሰው ስጡ። እዚያ ስትደርሱ ዕድሩን ግቡበት፤ ምሳችሁን ግን አንዳንዴ ከማታውቁት ሰው ጋር ብሉ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ በየሙያችሁ ጻፉልን። ስም አያስፈልግም፤ ቅጹና የወሰደባችሁ ጊዜ ይበቃል።