«በእኛ ሆስፒታል አልተጠናም» የጥናት ክፍተት አይደለም

የሕክምና መመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የዓለም፣ የአፍሪካና የኢትዮጵያ ቁጥር ሁለት ገጽ ሙሉ ይደረደራል። ከዚያ ድንገት «ይሁን እንጂ በዚህ ሆስፒታል ጥናት አልተደረገም» ተብሎ ወደ ዓላማው ይታለፋል። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው መግቢያ ያጠበበው ካርታውን እንጂ ጥያቄውን አይደለም። ያልተጠናበት ሆስፒታልማ ሞልቷል!

የማህፀን በር ካንሰርን እንውሰድ። ጥናቱ ኤችአይቪ በደማቸው ካለ ሴቶች መካከል በአሴቲክ አሲድ ምርመራ ቅድመ ካንሰር የተገኘባቸው ስንቶቹ ታከሙ፣ የቀሩትስ ለምን ቀሩ ብሎ ይጠይቃል እንበል።

የመጀመሪያው አንቀጽ ሸክሙን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 604 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፣ 342 ሺህ ያህል ሴቶች ደግሞ በዚሁ ካንሰር ሞተዋል። እዚህ ላይ ይበቃል። የጡት ካንሰር ቁጥር እዚህ ምንም አይሠራም።

ሁለተኛው «ለምን እነዚህ ሴቶች?» ለሚለው ይመልሳል። ኤችአይቪ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌለባት ስድስት እጥፍ ያህል ነው።

ሦስተኛው የታወቀውን መፍትሔ ያስቀምጣል። ቅድመ ካንሰር በጊዜ ከተገኘ በክራዮቴራፒ ወይም በቴርማል አብሌሽን ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅትም 70 በመቶ ሴቶች እንዲመረመሩ ብቻ ሳይሆን፣ ችግር ከተገኘባቸው 90 በመቶው እንዲታከሙ ግብ አስቀምጧል። ጥያቄው ከምርመራ ወደ ሕክምና የሚዞረው እዚህ ጋ ነው።

አራተኛው የቀደሙት ጥናቶች የት እንደቆሙ ያሳያል። ያገኛችኋቸው ጥናቶች ስንት ሴት ተመረመረች ብለው ካቆሙ፣ ሕክምናው አልተነካም ማለት ነው። ከመዝገብ የተሠሩ ከሆኑ ደግሞ መዝገቡ «አልታከመችም» ይላል እንጂ ለምን እንደቀረች አይናገርም። የትራንስፖርት ገንዘብ አጥታ ይሁን፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሁን፣ ባሏ ከልክሏት ይሁን አይታወቅም። ክፍተት የሚባለው ይህ ነው፤ ሴቶቹን ማነጋገር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቦታ ክፍተት የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። የእናንተ ጤና ጣቢያ መሣሪያ ስለሌለው ሴቶቹን ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ ከሆነ፣ ሕክምናው እዚያው ከሚሰጥበት ቦታ የተገኘው ውጤት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ያን ጊዜ ግን የምትጽፉት ስለ ሪፈሩ ነው እንጂ ስለ ከተማው ስም አይደለም።

ስለዚህ የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ መጀመሪያ ጻፉት። ከዚያ ወደ ላይ እየወጣችሁ እያንዳንዱን ቁጥር «አንተን ባወጣህ ክፍተቱ ይጎድላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። የማይጎድል ከሆነ ሰርዙት። የሆስፒታሉን ስም በሌላ ብትቀይሩት መግቢያው ያለ ምንም ለውጥ የሚሄድ ከሆነ ግን፣ ፈታኙ «ታዲያ ለምን አጠናኸው?» ሲላችሁ መልስ የላችሁም።