«ቀይ ነው፣ ተሞልቷል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ወገን፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው። የእሳት ማጥፊያ መሙላትና መጠገን እንጀራዬ ነው። በቀደም አንድ ምግብ ቤት ሄጄ ወጥ ቤቱን ሳይ፣ ሳምቡሳና ችፕስ ከሚጠበስበት ትልቅ የዘይት መጥበሻ አጠገብ የካርቦንዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ተሰቅሏል። «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ስለው ባለቤቱ የመለሰልኝ ከላይ ርዕስ ያደረግኩትን ነው።

ወንድሜ፣ የምፈልገው የተለጠፈበትን ጽሑፍ እንድታነበው ነው!

ካርቦንዳይኦክሳይድ ነበልባሉን አየር ይነሳዋል እንጂ ዘይቱን አያቀዘቅዘውም። ጠፋ ብለህ ዞር ስትል ጋዙ ይበተንና እንደገና ቦግ ይላል። ከቅርብ ከለቀቅከው ደግሞ ግፊቱ የሚነደውን ዘይት ይረጨዋል። ውሃማ ጭራሽ አይነሳ። ከጋለው ዘይት ሥር ገብቶ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ 1 ሊትር ውሃ ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይወጣዋል፣ የሚነደውንም ዘይት ይዞት ይነሳል። ለመጥበሻ የተሠራው ዌት ኬሚካል የሚባለው ነው፤ ከጋለ ዘይት ጋር ሲገናኝ ሳሙና መሰል አረፋ ሆኖ ይሸፍነዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም።

«ኤቢሲ ዱቄት ለሁሉም ይሆናል» እያላችሁ የምትሸጡም ስሙ። በአውሮፓ አሠራር ኤ እንጨት፣ ወረቀትና ጨርቅ ነው፤ ቢ ቤንዚንና ናፍጣ፤ ሲ እንደ ቡታጋዝ ያለ ጋዝ፤ ዲ ብረታ ብረት፤ ኤፍ የምግብ ዘይት። ኤሌክትሪክ ፊደል የለውም፤ ስንት ቮልት ድረስና ከስንት ሜትር ርቀት እንደሚረጭ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በአሜሪካ ግን ሲ ማለት ኤሌክትሪክ ነው፣ የወጥ ቤት ዘይት ደግሞ ኬ። ገበያችን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ካለ፣ ፊደሉን ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል። ኤቢሲ ላይ ግን በየትኛውም አሠራር ኤፍም ኬም የለም! ዱቄቱም ቢሆን ዘይቱን አያቀዘቅዝም።

ዲም የለበትም። ማግኒዥየም የምትቆርጡ ቶርኖ ቤቶች፣ ፍቅፋቂው ከተያያዘ ውሃ ሃይድሮጅን ያወጣና እሳቱን ያብሰዋል፤ ካርቦንዳይኦክሳይድም አያጠፋውም። ዲ የሚል ልዩ ዱቄት፣ እሱ ከሌለ ፍጹም የደረቀ አሸዋ አስቀምጡ። እርጥብ አሸዋ ያው ውሃ ነው።

ወደ ምግብ ቤቱ ልመለስ። ማጥፊያው ጥፋት የለበትም፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። ነቅለን ኤሌክትሪክ ቦርዱ አጠገብ ሰቀልነው፤ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ብሬከሩ ይጠፋል፣ ከዚያ እሱ ይለቀቃል። እንጨትና ከሰል ያለበት መጋዘን ኤ የሚል ማጥፊያ ይፈልጋል፣ ፍሙን ጋዝ አይችለውምና። ለመጥበሻው ኤፍ የሚል ግዛ ስለው «ተወደደ» አለኝ።

ተወደደ! ከምን?