ያለፈው ስንት ሰዓት ላይ ጀመረሽ?

ነፍሰ ጡር በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሆዷን ይዛ ቁጢጥ ስትል ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠይቃት «በጣም ያምሻል?» እያለ ነው። ይህ ጥያቄ እምብዛም አይረዳም። የውሸት ምጥ የምንለው አንዳንዴ እንቅልፍ እስከ መንሳት ያማል፤ እውነተኛው ደግሞ ሲጀምር ከወር አበባ ቁርጠት የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምለው፣ «ያለፈው ስንት ሰዓት ላይ ጀመረሽ?» ነው።

ማህፀን ጡንቻ ነው። የመውለጃው ቀን ገና ሳይደርስም እየተኮማተረ ሆድን ለአፍታ ያጠጥርና መልሶ ያላላዋል። ይህን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ብራክስተን ሂክስ በ1872 እ.ኤ.አ. ጽፎበት ስለነበር ሐኪሞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። ከእውነተኛው ምጥ የሚለየው የማህፀንን በር አለመክፈቱ ነው። እውነተኛው ምጥ በሩን እያሳሳ ይከፍተዋል። በሩ መከፈቱን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ግን የመረመረ ባለሙያ ብቻ ነው። ቤት ላለ ሰው የሚቀረው ሰዓትና ወረቀት ነው።

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች አንዲት ጎረቤቴ በ38ኛ ሳምንቷ አንድ ምሽት ሆዷ ይጠጥር ጀመር። ባሏ ጻፈ፦ 2:00፣ 2:12፣ 2:19፣ 2:41። ልዩነቱ 12 ደቂቃ፣ 7 ደቂቃ፣ ከዚያ 22 ደቂቃ ነው። እየቀረበ አልመጣም፣ ሥርዓትም የለውም። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች፣ ሽንቷን ሸናች፣ በግራ ጎኗ ጋደም አለች። ብዙም ሳይቆይ ተዋት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት 8:00 ላይ ተነሳባት። ቀጥሎ 8:11፣ 8:20፣ 8:29፣ 8:36፣ 8:43 ተጻፈ። የመጀመሪያው የቆየው 35 ሴኮንድ ያህል ሲሆን የመጨረሻው ወደ 50 ተጠግቶ ነበር። ውሃው አላስታገሰውም፤ ጋደም ብትልም፣ ተነስታ ብትራመድም አልተዋትም። ሕመሙ ከወገቧ ተነስቶ ወደ ፊት ይዞራል፤ ሲመጣባትም የጀመረችውን ወሬ ታቋርጣለች። ልዩነቱ እያጠረ፣ ቆይታው እየረዘመ፣ ጉልበቱ እየጨመረ መጣ ማለት ነው። ሐኪም ቤት ስትደርስ የማህፀን በሯ 5 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ ነበር።

ስትለኩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ልዩነቱ የሚቆጠረው ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ነው፤ ካቆመበት ቆጥሮ መነሳት ምጡን ከእውነቱ ይልቅ የተቀራረበ ያስመስለዋል። የወገብ ሕመም መኖር አለመኖሩንም ብቻውን ማስረጃ አታድርጉት፤ ከሴት ሴት ይለያያል።

የውሃው ፈተና በእኛ አገር ተጨማሪ ትርጉም አለው። የውሃ ጥም የውሸት ምጥን ይቀሰቅሳል፤ የሞላ ፊኛም እንዲሁ። ስለዚህ እስከ ከሰዓት የምትጾም ነፍሰ ጡር ሆዷ ቢጠጥር መጀመሪያ ውሃ መጠጣት አለባት። ይህን ባሎችና አማቶች ሊከለክሏት አይገባም።

የመጀመሪያ ልጅ ለምትወልድ፣ ጤናማ እርግዝና ላላትና ሐኪም ቤት ቅርብ ለሆነላት ሴት የተለመደው መለኪያ ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ ይህም ለአንድ ሰዓት ከቀጠለ መሄድ ነው። ከዚህ በፊት ለወለደች ሴት ግን ይህ ይዘገያል፤ በሩ ቶሎ ሊከፈት ይችላልና ምጡ ሥርዓት መያዙን ስታውቅ ትነሳ። በቀዶ ሕክምና የወለደችም ሰዓት ቆጥራ አትጠብቅ። ጤና ጣቢያው ሩቅ የሆነባት የገጠር እናት ደግሞ ምጡ ሳይጀምር ወደ እናቶች ማቆያ ብትገባ እመርጣለሁ።

መቁጠር ጭራሽ የማይፈቀድበትም ጊዜ አለ። 37 ሳምንት ሳይሞላ ሆድ እየጠጠረ ከተመላለሰ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ከፈሰሰ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ትኩሳት ካለ ወረቀቱን ትታችሁ ሂዱ። በጥቂት ደም የተነካካ ዝልግልግ ፈሳሽ መውጣቱ ብቻውን ግን በሩ መዘጋጀቱን እንጂ ምጡ መጀመሩን አያረጋግጥም።

ለባለሙያዎችም አንድ ነገር እላለሁ። «ገና ነው፣ ተመለሺ» የተባለች ሴት በፌዝ ከተሸኘች ሁለተኛ ስትመጣ ታፍራለች፤ አፍራም ቤቷ ትዘገያለች። በአክብሮት ሸኟት፤ ስትሸኟትም መቼ መመለስ እንዳለባት ንገሯት። እናንተም እህቶቼ፣ ከተጠራጠራችሁ ሦስተኛ ጊዜም ቢሆን ሂዱ።