ርዕሱ የተናገረውን ሥዕሉ ለምን ይደግመዋል?

ዱሮ በገርጂም ሆነ በአያት ቤቱን ሊሸጥ የፈለገ ሰው አንዲት ቆርቆሮ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ያክልና በበሩ ላይ ይሰቅላት ነበር። የሠፈሩን ስም አይጽፍም፤ አላፊ አግዳሚው እዚያው ሠፈር ውስጥ ቆሟልና። የግቢውን ስፋትም አይጽፍም፤ አጥሩ ይታያልና። ቆርቆሮዋ የምትናገረው በሩና አጥሩ ሊናገሩ የማይችሉትን ብቻ ነበር።

ዛሬ ያቺ ቆርቆሮ ዩቲዩብ ላይ ወጥታለች። ከመገናኛ እስከ ጣፎ ያለው ቪላና ኮንዶሚኒየም ሁሉ በደላሎች ቪዲዮ ይዞራል፤ ገዢውም ገና ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ያማርጣል። ታዲያ አሥር ቪዲዮ በተከታታይ የተመለከተ ሰው የሚያየው ምንድን ነው? በሥዕሉ ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «የሚሸጥ ቪላ ቤት በአያት»፤ ከሥዕሉ ሥር ባለው ርዕስ ደግሞ «በአያት የሚሸጥ ቪላ ቤት»። ሥዕሉ ራሱስ? ቪላ ቤት። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ተነገረን፤ ለመደወል የሚያስፈልገንን ግን አንድ ጊዜም አልሰማንም።

የቪዲዮው የፊት ሥዕል፣ ባለሙያዎቹ ተምኔል የሚሉት፣ ከርዕሱ የተለየ ሥራ አለው። ርዕሱ ለፈላጊው ነው። ገዢው ሣጥኑ ውስጥ የሚጽፈው የሠፈሩን ስምና የቤቱን ዓይነት በመሆኑ እነዚህ ቃላት ርዕሱ ውስጥ መኖር አለባቸው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ከተቋቋመ በኋላ እንኳ ሰው የሚፈልገው «ሰሚት» ወይም «አያት» ብሎ ነው፤ ስለዚህ የሚጻፈው ሰው የሚጠራው ስም ነው። ሥዕሉ ደግሞ ለዓይን ነው፤ ቪላ መሆኑን፣ ፎቅ መሆኑን፣ ግቢው አረንጓዴ መሆኑን ይናገራል። በሥዕሉ ላይ ለሚጻፈው ጽሑፍ የሚቀረው እነዚህ ሁለቱ ሊሉት ያልቻሉት ነገር ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሰሚት ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለሽያጭ ቀረበ እንበል። ደላላው ርዕሱን «በሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚገኝ በጣም የሚያምር ባለ ሁለት መኝታ ቤት የሚሸጥ» ብሎ ጻፈው። ዩቲዩብ ለርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል፤ በስልክ ዝርዝር ላይ ግን ረጅም ርዕስ መጨረሻው ይቆረጣል። የእኛ ቋንቋ ደግሞ ዋናውን ነገር ለመጨረሻ የሚያስቀምጥ ነው። «የሚሸጥ» ወይስ «የሚከራይ» የሚለው ሲቆረጥ ለገዢው የሚቀረው «በጣም የሚያምር» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ርዕሱ ይገልበጥ፦ «የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ሰሚት፣ ባለ 2 መኝታ»። ርዕሱ ሥራውን ጨረሰ።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ደላላው ሳሎኑን አንሥቷል፤ ስለዚህ «ሰፊ ሳሎን» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም። ለዚህ ቤት ገዢው ስልክ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅና ምድር ቤት አንድ ዋጋ የላቸውም። ቤቱ ምድር ላይ ከሆነ በሥዕሉ ላይ የሚጻፈው «ግራውንድ ላይ ነው» ነው፤ ሦስት ቃል። ሰው በስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ትልቁን ሥዕል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን ርዕስ ነውና ሁለቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይነበባሉ፦ «ግራውንድ ላይ ነው»፤ ምኑ? «የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ሰሚት»። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል።

ለአያቱ ቪላ ጥያቄው ሌላ ነው። እዚያ ገዢው የሚፈራው ካርታውን ነው። ካርታው በሻጩ ስም ወጥቶ ከሆነ «ካርታው በእጅ ነው» ማለት ከማንኛውም ውዳሴ ይበልጣል። ብድር ያለበት ቤት ከሆነም «ቀሪው የባንክ ነው» ብሎ በግልጽ መጻፍ አቅም የሌለውን አስቀድሞ ይሸኛል፣ የሚፈልገውን ደግሞ ይጠራል። ሁለት በመቶ ለማግኘት አርባ የከንቱ ስልክ የሚመልስ ደላላ ይህ ትርጉሙ ይገባዋል።

ዋጋስ ይጻፍ ወይ? ብዙ ደላሎች ይሸሹታል፤ ባለቤቱ ነገ ይጨምርብኛል ይላሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ባለቤቱ ከፈቀደ ዋጋውን ለመጻፍ ከሥዕሉ የተሻለ ቦታ የለም። በቪዲዮው ውስጥ በአፍ የተነገረ ዋጋ አይመለስም፤ ሥዕሉ ግን በማንኛውም ቀን ሊተካ ይችላል። ሲሸጥም «ተሸጧል» ብሎ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት በሥዕሉ የቀኝ ታችኛ ጥግ ላይ ራሱ ይለጥፋል። ዋጋውን እዚያ ያሰፈረ ሰው «28» የሚለው ታይቶ «ሚሊዮን» የሚለው ሊሸፈንበት ይችላል። ጽሑፉ ወደ ግራ ወይም ወደ ላይ ይሁን። ሥዕሉን 1280 በ720 አድርጎ ከሠሩ በኋላም በስልክ ላይ አሳንሶ ማየት ነው፤ «ጸ» እና «ጽ» ካልተለዩ ቃሉ በዝቷል ወይም ፊደሉ ቀጥኗል።

ርዕሱን አለመድገም ማለት ግን እንቆቅልሽ መጻፍ ማለት አይደለም። ይህ ጸሐፊ ለዘመድ ቤት ሲያፈላልግ «ዋጋው ቀነሰ!» የሚል ሥዕል አይቶ እስከ ጎሮ ድረስ ሄዷል። ከምን እንደቀነሰ ቪዲዮው ውስጥም አልተነገረም፤ ደላላውም ሲጠየቅ ሣቀ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በእርግጥ ከርዕሱ ይለያል፤ ከቤቱም ጭምር። ዩቲዩብም ቢሆን ተመልካችን የሚያሳስት ሥዕል ይከለክላል።

ጽሑፉ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ሥዕሉ ስንት ጊዜ ለሰው እንደታየና ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደተከፈተ በመቶኛ ተጽፎ ይገኛል። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ 4 በመቶ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ለውጡን ማወቅ የሚፈልግ ርዕሱን ሳይነካ ጽሑፉን ብቻ ይቀይር፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየረ የትኛው እንደሠራ አያውቅም። ከዚያም መቶኛው ጨምሮ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጥለው የሚወጡ ከሆነ ጽሑፉ የተናገረው ነገር ቪዲዮው ውስጥ የለም ወይም ዘግይቶ መጥቷል ማለት ነው። ካርታው በእጅ ነው ያለ ሰው ካርታውን በጊዜ ያሳይ።

ለደላላ ከስቱዲዮው የሚቀርበው መለኪያ ግን ስልኩ ነው። የደወሉት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን እንደነበር ለአንድ ሳምንት በደብተር ይመዝገብ። አብዛኞቹ «ውኃ አለው ወይ?» ብለው ከጀመሩ የሚቀጥለው ሥዕል ጽሑፍ ተገኝቷል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። የቪዲዮው ሊንክ በቴሌግራም ሲላክ ሥዕሉም ርዕሱም አብረው ይወጣሉ። ሥዕሉን ብቻ ቆርጦ የሚልክ ደላላ ግን ርዕሱን ጥሎ መጣ ማለት ነው፤ «ግራውንድ ላይ ነው» የሚለው ያን ጊዜ የትም የሌለ ቤት ይሆናል። ለቴሌግራም የሠፈሩን ስም የያዘ ሌላ ሥዕል ይሠራ፤ እዚያ የበሩን ቆርቆሮ የሚተካው እርሱ ነው።