የመቀሌው ጥያቄ፤ ዒላማው ትክክል ሆኖ ሳለ ስለሚገኝ ጥፋት

በጦርነት ሕግ ትምህርት ለፈተና የሚቀርበውን የጉዳይ ጥያቄ ብዙዎቻችን የምንመልሰው ከመጨረሻው ጀምረን ነው። የሞቱት ሰዎች ቍጥር እንደ ተነገረን ብዕራችንን አንሥተን «ሕግ ተጥሷል» ብለን እንጽፋለን፤ ዒላማው ወታደራዊ ነበር ከተባልን ደግሞ «ሕግ አልተጣሰም» ብለን ወረቀቱን እናስረክባለን። በእኛ አስተያየት ሁለቱም መልሶች ነጥብ የሚያሰጡ አይደሉም። ይኸንም ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመፈለግ፣ በአገራችን የደረሰውንና ዳኞች የፈረዱበትን አንድ ጉዳይ እንደ ፈተና ጥያቄ አድርገን ብንሠራው ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አየር ኃይል የመቀሌን አይሮፕላን ማረፊያ ለመደብደብ አይሮፕላኖቹን አራት ጊዜ ላከ። ከአራቱ ዙር የሁለቱ ቦምቦች ከማረፊያው አጠገብ እንኳ ሳይደርሱ በዓይደር ሰፈር፣ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ወደቁ። ቦምቦቹ በአየር ላይ ተከፍተው ብዙ ትንንሽ ቦምቦችን የሚበትኑ፣ ክላስተር የሚባሉት ዓይነት ነበሩ። 12 ተማሪዎች ያሉባቸው 53 ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ 42 ተማሪዎች ያሉባቸው 185 ሰዎች ቆሰሉ። ኢትዮጵያ ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው ስትል ከሰሰች፤ ኤርትራ ዒላማዬ ማረፊያው ነበር፣ የደረሰው ስሕተት ነው ስትል ተከራከረች። እንግዲህ ማን ይረታል?

መጀመሪያ የሚነሣው፣ የትኛው ሕግ ነው የሚሠራው የሚለው ነው። የ1977ቱን (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች፤ ኤርትራ ግን አባል አልነበረችም። ስለዚህ «አንቀጽ 57 ተጥሷል» ብሎ በቀጥታ የሚጽፍ ተማሪ ገና ከበሩ ይሰናከላል። መልሱ፣ የአንቀጹ ፍሬ ነገር የልማድ ሕግ ስለ ሆነ ፕሮቶኮሉን ያልፈረመውንም መንግሥት ያስራል የሚል ነው። በሄግ የተቀመጠው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽንም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ቀጥሎ የመለየት መርሕ ይመጣል። በዚህ ላይ የምንጠይቀው ቦምቡ የት ወደቀ ብለን ሳይሆን ተኳሹ ምን ላይ አነጣጠረ ብለን ነው። የጦር አይሮፕላን የሚነሣበት ማረፊያ ወታደራዊ ዒላማ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የአጥቂው ቃል ብቻ ሐሳቡን አያስረዳም፤ ሐሳብ የሚመዘነው ከሁኔታዎች ነው። ሁለት የተለያዩ ዙሮች በአንድ በተሳሳተ ቦታ ላይ መውደቃቸው ለክፉ ሐሳብ ከባድ ማስረጃ ይመስላል፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው እንደዚያው ታይቶን ነበር። ኮሚሽኑ ግን ሌላውንም ወገን መዘነ። ጥቂት አይሮፕላን ብቻ ያለው አየር ኃይል በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ከምንም ይልቅ የባላጋራውን አየር ኃይል ለመምታት ብርቱ ምክንያት አለው፤ የመሣሪያው ልምድ ያልነበራቸው ሰዎችም በዚያ ቀን ግርግር በሁለት አይሮፕላኖች ኮምፒዩተር ላይ አንዱኑ የተሳሳተ መረጃ ሊጭኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሆነ ተብሎ ሰፈሩ መመታቱ አልተረጋገጠም ተባለ። ፈታኙ የሚፈልገው ይኸንን የሁለት ወገን ሚዛን እንጂ ቍጣችንን አይደለም።

ተመጣጣኝነትን በተመለከተ ብዙ ቀለም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። 53 ሰው በአንድ በኩል፣ አንድ ማረፊያ በሌላ በኩል አስቀምጠው የሚመዝኑ ጓደኞች አሉን። ሕጉ ግን የሚመዝነው የደረሰውን ጉዳት ሳይሆን ጥቃቱ ሲወሰን ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀውን ነው፤ ይኸውም በተጨባጭና በቀጥታ ከሚጠበቀው ወታደራዊ ጥቅም ጋር ሲተያይ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ ነው። ማረፊያውን ሊመታ የተነሣ አዛዥ በዓይደር ተማሪዎች ላይ ሊደርስ የሚችለውን በሚዛኑ ላይ አላስቀመጠም፤ ዓይደር በዕቅዱ ውስጥ አልነበረምና። ስለዚህ ሚዛኑ በዚህ ጉዳይ ላይ ባዶ ነው፤ በአራት መስመር ጽፎ ማለፍ ይበቃል።

እንግዲህ መለየቱም ተመጣጣኝነቱም ካልረቱ፣ የዓይደር ሰው ያለ ፍርድ ቀረ ማለት ነው? አይደለም። የጥያቄው ልብ ያለው በቅድመ ጥንቃቄ መርሕ ላይ ነው፤ ይህ መርሕ የሌሎቹ ጅራት ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚቆም ግዴታ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው በተግባር የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ ነው፤ የማይቻለውን አይጠይቅም። ኮሚሽኑም የዒላማውን ምርጫ አልነቀፈም፤ የመሣሪያውንም ምርጫ አልነቀፈም፤ ኤርትራ የሠለጠኑ አብራሪዎችና የምድር ሠራተኞች አጥታ ልምድ የሌላቸውን ማሰማራቷንም አልነቀፈም። የነቀፈው ሥራው የተሠራበትን አኳኋን ነው። ከአራት ዙር ሁለቱ ከዒላማው አጠገብ አለመድረሳቸው አስፈላጊው ጥንቃቄ እንደ ጐደለ ያሳያል አለ፤ ከዚያም በኋላ ነገሩ እንዳይደገም ተገቢው እርምጃ አለመወሰዱ ጥፋቱን አከበደው። ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. በተሰጠው ውሳኔ ኤርትራ በዚህ ምክንያት ኃላፊ ሆነች።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት እንጨምር። «ልምድ አልነበረንም» የሚለው መከላከያ የመጀመሪያውን ስሕተት ሊያስረዳ ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን የባሰ ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ሠራተኛው አዲስ መሆኑን የሚያውቅ አዛዥ የገባውን ቍጥር ሌላ ሰው ከካርታ ጋር እንዲያመሳክረው ማዘዝ ይችላል፤ ይህ ገንዘብም ብዙ ሥልጠናም አይጠይቅም። የፊተኛው ዙር ቦምቡን የት እንደ ጣለ ሳያጣራ የሚቀጥለውን አለመላክም ይችላል። «በተግባር የሚቻል» የሚለው ቃል ድኻውን ሠራዊት ይጠቅመዋል የሚሉ አሉ፤ ድኻም ቢሆን ግን አይሮፕላኑን ከመሬት ማቈየት ሁልጊዜ ይችላል። ኮሚሽኑ ይኸን በዝርዝር ባለመጻፉ ቅር ብሎናል፤ ለወደፊቱ አዛዥ መመሪያ የሚሆነው ዝርዝሩ ነበርና።

ብልህ ፈታኝ አንድ ፍሬ ነገር ለውጦ እንደ ገና ሊጠይቀን ይችላል። የፊተኛው አብራሪ «ቦምቡ ሰፈር ላይ ወደቀ» ብሎ በሬዲዮ ተናግሮ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ጥቃቱን የማቆም ወይም የማዘግየት ግዴታ ይነሣል፤ አዛዡ ይኸን እያወቀ በዚያው መረጃ ሁለተኛውን ከላከ ነገሩ ከቸልተኝነት ወጥቶ ወደ መለየት መርሕ ይመለሳል። ሰላማዊ ሰዎችን እያወቀ መታቸው ማለት ነውና።

በዚህ ላይ የሚምታታ አንድ ነገር አለ። የመንግሥት ኃላፊነትና የአንድ ሰው የወንጀል ጥፋት አንድ አይደሉም። የሮማው የዓለም አቀፍ ወንጀል ፍርድ ቤት ሕግ ሰላማዊ ሰዎችን ሆን ብሎ ማጥቃትን፣ እንዲሁም ጉዳቱ በግልጽ ከመጠን እንደሚያልፍ እያወቁ ማጥቃትን ወንጀል ብሎ ይዘረዝራል፤ የቅድመ ጥንቃቄን ጉድለት ብቻውን ግን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ስለሆነም «ኤርትራ ኃላፊ ናት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «አብራሪው የጦር ወንጀለኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ሊከተለው አይችልም።

ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ ደግሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ለጥናት ጓዶች እንተውላቸው። ግንቦት 20 ቀን 1992 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች በምጽዋ አጠገብ ያለውን የሕርጊጎን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ደበደቡ። ኮሚሽኑ በ1998 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ማመንጫው ሕጋዊ ወታደራዊ ዒላማ ነው ሲል ፈረደ፤ ከዳኞቹ አንዱ ግን ተለይተው የተቃውሞ ሐሳብ ጻፉ። የማን ሐሳብ እንደሚያመዝንላችሁ፣ አገራችሁን ረስታችሁ፣ ከምክንያቱ ጋር ጽፋችሁ ላኩልን።