«አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» ማለት ምን ማለት ነው?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆስፒታል ይዞት የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ነው። አንዱ የበሽታውን ስም ይናገራል፤ ሌላው «አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት» ይላል። ፊርማም ማኅተምም አለው። የሚቀበለው ሰው ግን ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያውቅም። የትምህርት ክፍሉ ወደ ተማሪዎች ዲን ይመራል፣ ዲኑ ወደ ክሊኒክ፣ ክሊኒኩ ወደ ፕሮክተር። ብዙ ሰው ይህን የቅንነት ማጣት አድርጎ ያየዋል። ግማሹ ጥፋት ግን ወረቀቱ ላይ ነው።

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባት አንዲት ተማሪ ትታሰብ። በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሦስት ሰዓት በሚፈጅ የማጠቃለያ ፈተና መሐል ስኳሯ ከ70 በታች ቢወርድ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባታል፣ ያነበበችው አይገባትም። ወዲያው 15 ግራም ያህል ስኳር መውሰድ፣ 15 ደቂቃ መጠበቅና እንደገና መለካት አለባት። ካልተስተካከለ ይደገማል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ለሁሉም ፈተና የሚጨመር የተወሰነ ሰዓት ሳይሆን፣ ችግሩ ሲደርስ ብቻ ሰዓቷ ቆሞ የባከነው ደቂቃ እንዲመለስላት ነው። መለኪያዋንና ስኳሯን ይዛ መግባትም አለባት። ፈታኙ ይህ ቀድሞ በጽሑፍ ካልደረሰው በር ላይ ቢያስቀራት አይፈረድበትም፤ የተሰጠው መመሪያ ምንም ዕቃ አታስገባ የሚል ነውና።

የዶርሙ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሆነ አይሠራም። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ክምችቱ ክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የምትጠቀምበት ብልቃጥ እሷ ጋ ሊሆን ይችላል። እንደ ሰመራ ባለ ሞቃት ከተማ ግን ይህ አይበቃም፤ በዶርሙ አቅራቢያ ሌሊትም የሚከፈት ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ስኳሯ ሌሊት ሊወርድ ስለሚችል የላይኛው አልጋ ባይደርሳት፣ አንዲት የክፍል ጓደኛዋም ምልክቱን ብታውቅ ይመረጣል።

«የስኳር ሕመምተኛ ነች» ከሚለው መስመር ይህን ሁሉ መገመት የሚችል ፕሮክተር የለም። ጥሩ ደብዳቤ ሕመሙን ይጠቅስና ምን እንደሚያስተጓጉል፣ በምን እንደሚቃለል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። ለምሳሌ፦ «ሕመሟ ዘላቂ ነው። ስኳሯ በድንገት ሲወርድ ለ15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ማንበብም መጻፍም አትችልም። በፈተና ወቅት መለኪያና ስኳር ይዛ እንድትገባ፣ ሕክምና የወሰደችበት ጊዜም እንዲካካስላት ይመከራል።» አራት መስመር አይሞላም፤ ሐኪሙ ግን ካልተጠየቀ አይጽፈውም። ተማሪዋ የሚያስፈልጋትን በወረቀት ጽፋ ሐኪሟ ፊት ብትቀርብ ነገሩ ይቀላል።

ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የተማሪዋን ማመልከቻ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የሐኪም ደብዳቤና አንዳንዴም የመንግሥት ሆስፒታል የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ነው። የፈተናው ጥያቄ ለትምህርት ክፍሉ፣ የዶርሙ ለተማሪዎች ዲን፣ በሁለት የተለያየ ማመልከቻ ቢገባ ይሻላል። አንድ ላይ ሲሆን አንዱ ቢሮ የራሱን ድርሻ ጨርሶ ፋይሉን ይዘጋዋል። ሁለቱም በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርገው ቁጥራቸው ይያዝ። ጊዜው ደግሞ የሴሚስተሩ መጀመሪያ ነው። በፈተና ሳምንት የቀረበ ጥያቄ እውነት ቢሆንም ማምለጫ ይመስላል።

«ስኳር አካል ጉዳት ነው እንዴ?» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን የሚጠይቀው የበሽታውን ስም አይደለም። ረጅም ጊዜ የሚቆይ ጉዳት ከአካባቢው መሰናክል ጋር ተደምሮ ሰውን ከእኩል ተሳትፎ ያግደዋል ወይ ነው የሚለው። ደብዳቤው ማሳየት ያለበትም ይህንኑ ነው።

ቢሮዎቹ ማስመሰልን መፍራታቸው ተገቢ ነው፤ የሐሰት የሕክምና ወረቀት አለና። ግን አስመሳይን የሚለየው የማኅተም ብዛት አይደለም። ምን እንደሚያስተጓጉል፣ ምን እንደሚያስፈልግና እስከ መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቶ ለሐኪሙ መላክ፣ ሲጠራጠሩም ሆስፒታሉን መጠየቅ ይበልጥ ይሠራል። የማይድንን ሕመም በየሴሚስተሩ በአዲስ የቦርድ ማስረጃ አረጋግጪ ማለት ግን ማጣራት አይደለም። ዓይነት 1 ስኳር በክረምት እረፍት አይድንም፤ ተማሪዋ በሰልፍ የምታጠፋው ቀን ግን ከትምህርቷ ይቀነሳል።